አራት የጻፈችው ልጅ

ሐዋሳ ውስጥ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብ ማጠናከሪያ በማስተምርበት ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ቡና አዝዤ ፈተና አርማለሁ። ነፋሱ ወረቀት ሲወስድብኝ እያሯሯጠኝ፤ የማረሚያ ቦታ አልነበረም።

ሦስተኛው ጥያቄ sin 2x = 1/2 ነው። የሚፈለገው ከ0° ጀምሮ ከ360° በታች ያለው x ሁሉ ነው። የመልስ ቁልፉን ማታ በጥድፊያ ነበር የሠራሁት። ሳይን ግማሽ የሚሆነው በ30° እና በ150° ነው። ለሁለት አካፈልኩ፤ 15° እና 75° መጣ። አለቀ።

አንዲት ተማሪ ግን 15°፣ 75°፣ 195° እና 255° ብላ አራት ጽፋለች። ትርፍ ነው ብዬ ሁለቱን በቀይ ሰረዝኩና ግማሽ ነጥብ ሰጠኋት።

ሰኞ ወረቀቱን ይዛ መጣች። "ቲቸር፣ እስኪ 195ን አስገብተው ይዩት።" የ195 እጥፍ 390 ነው። አንድ ሙሉ ዙር፣ 360ን፣ ሲቀንሱለት 30 ይቀራል። ሳይኑ ግማሽ! የ255 እጥፍ ደግሞ 510፤ እሱም ወደ 150 ይመለሳል። ዝም አልኩ።

ችግሩ ገባኝ። ገደቡ የተሰጠው ለ x ነው፤ እኔ ለ 2x አደረግኩት። x ወደ 360° ሲጠጋ 2x ወደ 720° ይጠጋል፣ ክቡን ሁለቴ ይዞራል ማለት ነው። ስለዚህ ቅድሚያ ገደቡ በሁለት ይባዛል። ከዚያ በአዲሱ ገደብ ውስጥ ያሉት 30፣ 150፣ 390 እና 510 ይለቀማሉ። ማካፈሉ የመጨረሻ ሥራ ነው። ቀጣዩ 750 ከ720 ስለሚያልፍ አይገባም። ካልኩሌተሩም እዚህ ላይ አያድንም፤ የሚሰጠው 30ን ብቻ ነው።

የልጅቷን ነጥብ አስተካከልኩ። ሁለት ብቻ ጽፈው ሙሉ ያገኙት ግን አስቸገሩኝ። አልቀነስኩባቸውም፤ ቁልፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ የ sin 2x ን ግራፍ ሳልኩላቸው። ከ0° እስከ 360° ድረስ ሁለት ሞገድ አለው። ግማሽ ላይ አግድም መስመር ሲሰመር እያንዳንዱን ሞገድ ሁለቴ ይቆርጠዋል፤ አራት መልስ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ ቸኩዬ ነበር።

ቀጥዬ sin 2x = 1 ን ሰጠኋቸው። እዚህ መስመሩ የሞገዱን ጫፍ ብቻ ይነካል፤ በየሞገዱ አንዴ። 2x 90 ወይም 450 ይሆናል፤ መልሱ 45° እና 225° ነው፣ ሁለት ብቻ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ደብተሩን አየሁት። 45፣ 45፣ 225፣ 225 ብሎ ጽፏል።

"ምነው ደገምከው?" አልኩት።

"አራት ነው ብለውን የለ እንዴ፣ ቲቸር!"