ቤዙ ከኪኩ ጋር ገጥሞ ከከበሮው ጋር ሲጣላ

የቤዝ መስመር መጻፍ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር አንድ ነው። «ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙም ይምታ፤ ሁለቱን ግሪዱ ላይ አስተካክላቸው፤ ከዚያ ሳይድቼይን ጨምርበት።» ኪክ ማለት «ዱም» የሚለው ዝቅ ያለ የድራም ምት ነው፤ ግሪድ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ምቱን የሚከፋፍሉት መስመሮች ናቸው። ኪኩ በየምቱ እኩል ለሚረግጥበት የክለብ ሙዚቃ ይህ ይሠራ ይሆናል። ለወሎ ጭፈራ ግን አይሠራም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ሙሉ ቀረጻ ባልከሰረ ነበር።

ዘፈኑ ለሰርግ ጭፈራ የተሠራ ነው፤ የቀዳነውም እዚሁ ደሴ ነው። ቅኝቱ ትዝታ ሜጀር ነው፤ መነሻው ጂ፣ ኖታዎቹ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ከበሮው፣ ክራሩና ማሲንቆው በእጅ ተመቱ። ኪኩ ከኮምፒውተር ነው። ቤዝ ጊታሩን ከኮምቦልቻ የመጣ ወዳጄ ተጫወተው። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ዋና ምት ሲሆን እያንዳንዱ ዋና ምት ለሦስት ይከፈላል። ስለዚህ አንድ ዙር ከ1 እስከ 6 ይቆጠራል፤ ዋናዎቹ ምቶች 1 እና 4 ላይ ይወድቃሉ። ከአንዱ ቁጥር እስከሚቀጥለው 167 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሱ ነው።

ኪኩ በየዙሩ 1፣ 4 እና 6 ላይ ይመታል። ስድስተኛው ቀለል ያለ ነው፤ ወደሚቀጥለው 1 ይገፋል። ቤዙን በሁለት ዙር ጻፍኩት። በመጀመሪያው ዙር 1 ላይ ታችኛው ጂ፣ ከዚያ ዝምታ፣ 6 ላይ ኢ። በሁለተኛው ዙር 1 ላይ እንደገና ጂ፣ 4 ላይ ዲ፣ 5 ላይ ኢ፣ ከዚያ ዝምታ። እንግዲህ በሁለቱ ዙር ውስጥ ኪኩ ስድስት ጊዜ ሲመታ ቤዙ አብሮት ያለው አራቱ ላይ ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ሆን ተብለው የተተዉ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር 4 ላይ ኪኩ ብቻውን ሲሰማ እስክስታ የሚመታው ሰው ትከሻውን የሚጥልበት ቦታ ያገኛል። በሁለተኛው ዙር 6 ላይ ደግሞ ኪኩ ብቻውን በር ይከፍትና ቤዙ 1 ላይ ሲገባ ከብዶ ይገባል። ሁሉም ቦታ ላይ ቤዝ ብደረድር ያ ክብደት አይኖርም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ቀላል ነበር። የተበላሸው ስቱዲዮ ከገባን በኋላ ነው።

ሳውንድማኑ ፕሮጀክቱን የከፈተው በ4/4 ነው፤ ግሪዱ ደግሞ 1/16። ለሦስት የሚከፈል ምት ነው ብዬ ነግሬዋለሁ። «አብሽር፣ ኋላ ይስተካከላል» አለኝ። ቀረጻው አልቆ ሁላችን ሻይ ልንጠጣ በወጣንበት ሰዓት ቤዙንና ኪኩን ኳንታይዝ አደረጋቸው፤ ኮምፒውተሩ ወደ ግሪዱ መስመሮች እንዲጎትታቸው ማለት ነው። ከበሮውን አልነካውም፤ በእጅ የተመታ ስለሆነ «ያስቸግራል» በሚል።

ስንመለስ ቤዝና ኪክ ብቻ ከፍቶ አሰማን። እንከን የለውም። ስክሪኑ ላይ የሁለቱ ሞገድ አፍ ለአፍ ገጥሟል። ከዚያ ከበሮው ተከፈተ። ጭፈራው ሞተ። ከበሮ የመቱልን ጋሼ ወዲያው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የኔ አመታት አይደለም» አሉ። አመታታቸው ግን ያው የራሳቸው ነበር። የተቀየረው ሌላው ነው።

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በዚህ ፍጥነት አንድ ዋና ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው። ለሦስት ሲከፈል ነጥቦቹ 167 እና 333 ላይ ያርፋሉ። 1/16 ግሪድ ግን ያንኑ ምት ለአራት ይከፍለዋል፤ ነጥቦቹ 125፣ 250 እና 375 ናቸው። ኳንታይዝ እያንዳንዱን ኖታ ወደሚቀርበው ነጥብ ይጎትታል። ስለዚህ 167 ላይ የነበረው ወደ 125 ተጎተተ፤ በ42 ሚሊሰከንድ ቀደመ። 333 ላይ የነበረው ወደ 375 ተገፋ፤ በ42 ሚሊሰከንድ ዘገየ። በእኔ መስመር 5 ላይ ያለችው ኢ ቀደመች፤ 6 ላይ ያለችው ኢና የኪኩ ስድስተኛ ምት አንድ ላይ ዘገዩ። 1 እና 4 ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። ለዚህ ነው ነገሩ ከስክሪን ላይ የማይታየው። ኪኩና ቤዙ እኩል ስለተሳሳቱ እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል፤ የተጣሉት ከከበሮው ጋር ነው። 42 ሚሊሰከንድ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ጆሮ አንዱን ምት ሁለት አድርጎ ይሰማዋል።

ሳውንድማኑ ግን ስክሪኑን እየጠቆመ ተከራከረኝ። «ተመልከት፣ ገጥሟል! ከበሮው ነው የሚንሸራተተው።» ሲመታ የኖረን ሰው እጅ ትቶ ሳጥን ለተሳለበት ስክሪን መፍረድ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከሁሉ የባሰው የመጀመሪያው ቅጂ አለመኖሩ ነው። የተስተካከለውን ከዋናው ላይ ደርቦ ሴቭ አድርጎታል፤ ፕሮጀክቱንም ዘግቶ ስለከፈተው መመለሻ አልነበረውም። ኪኩን በማውስ መልሰን ማስቀመጥ ቻልን። ቤዙ ግን እየተቆረጠ ስለተጎተተ በየመጋጠሚያው ቀጭ የሚል ድምፅ ነበረው። ወዳጄ ከኮምቦልቻ እንደገና መጥቶ መጫወት ግድ ሆነበት። የስቱዲዮውን ሰዓት ዳግም የከፈልኩትም እኔ ነኝ።

ሁለተኛውን ቀረጻ ቅደም ተከተሉን ቀይሬ ሠራሁት። ግሪዱን 1/8T አደረግነው፤ ለሦስት የሚከፍለው እሱ ነው። ከዚያም ለግሪዱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተገዛሁም። ጋሼ 6ን ከትክክለኛው ሦስተኛ ክፍል ጥቂት ዘግየት አድርገው ነው የሚመቱት፤ የጭፈራው ጣዕም ያለውም እዚያ ነው። ስለዚህ ኪኩን ስድስተኛው ላይ በእጄ ወደ ከበሮው አስጠጋሁት። ቤዝ የሚጫወተው ሰው በጆሮ ማዳመጫው ምት የሚቆጥረውን የኮምፒውተር ክሊክ እንዳይሰማ አደረግሁ፤ የሰማው ከበሮውንና ኪኩን ብቻ ነው። መጽሐፉም መምህሩም በክሊክ ቅዳ ይላሉ። እኔ ከበሮው በእጅ ከተመታ ከበሮው ነው ክሊኩ እላለሁ። መጀመሪያ ከበሮ፣ ከዚያ ለከበሮው የሚታዘዝ ኪክ፣ ከዚያ ሁለቱን እየሰማ የሚገባ ቤዝ።

ሌላም ነገር አለ። ታችኛው ጂ 49 ሄርዝ ነው፤ አንዱ ርግብግቢት ብቻ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ኪኩ ግን መነሻው ላይ «ጠቅ» የሚል ሹል ድምፅ ስላለው ወዲያው ይሰማል። ስለዚህ ሁለቱ ስክሪን ላይ እኩል ቢነሱም ጆሮ ቤዙን የዘገየ አድርጎ ሊሰማው ይችላል፤ በተለይ በአውራ ጣት ለስለስ ተደርጎ ከተመታ። እኛ ወዳጄ በጣቱ ጫፍ ጠንከር አድርጎ እንዲመታ አደረግን፤ ከዚያ የቤዙን ትራክ በሙሉ በ8 ሚሊሰከንድ ቀደም አደረግሁት። ቁጥሩን አትቅዱት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትንሽ ትንሽ ግፉት፤ 1 ላይ ሁለት ድምፅ ሳይሆን አንድ ከባድ ድምፅ ስትሰሙ አቁሙ።

ከአነሳሱ ይልቅ የተናቀው ግን የኖታው ማለቂያ ነው። 1 ላይ የምትነሳው ጂ 3 ላይ ከበሮው ጠፍ ሳይል በፊት መዘጋት አለባት። ወዳጄ የግራ ጣቱን ከክሩ ላይ ሳያነሳ ላላ በማድረግ ይዘጋታል። በመጀመሪያው ቀረጻ ጂ እስከ 4 ድረስ ትጎተት ነበር፤ ብቻውን መሰማት የነበረበትን ኪክም ታለብሰው ነበር። ይህን ሳያስተካክሉ ኮምፕሬሰር መጨመር ከንቱ ድካም ነው።

አምባሰል ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ሁለተኛው ኖታ ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚበልጥ፣ ጂ 49 ሲሆን ቀጣዩ 52 ሄርዝ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ሳይዘጋ ሁለተኛው ከገባ ድምፁ በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል እያበጠ ይሟሽሻል። በድንኳን ውስጥ በትልቅ ስፒከር ሲለቀቅ ያ ሁሉ ወደ ጉርምርምታ ይለወጣል። በስልክ ስፒከር ግን አይሰማም፤ ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ስልክ ማውጣት አይችልም። ሚክስን በስልክ ሰምቶ «ተስማምቶኛል» ማለት ዋጋ የለውም።

ሳይድቼይኑን በተመለከተ፣ ኪኩ ሲመታ ቤዙን ዝቅ የሚያደርገው ኮምፕሬሰር ማለት ነው፤ የተመከርኩት መመለሻውን፣ ማለትም ቤዙ ወደ ቦታው የሚመለስበትን ጊዜ፣ 200 ሚሊሰከንድ እንዳደርግ ነበር። ቁጥሩን ያዙልኝ ያልኩት እዚህም ይጠቅማል። ከ6 እስከ 1 ያለው 167 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ኪኩ 6 ላይ ቤዙን ከጫነው፣ ቤዙ ሳያገግም ቀጣዩ 1 ይመጣበታል፤ ከሁሉ መክበድ ያለበት ኖታ ተዳክሞ ይገባል። እኔ መመለሻውን ወደ 90 አወረድኩት፤ የሚቀንሰውንም ከ2 ዴሲቤል አላሳለፍኩም። ኖታዎቹ በጊዜያቸው ከተዘጉ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የኪኩ ሆድ 50 ሄርዝ አካባቢ ስለነበረ ከጂ ጋር እንዳይጠፋፉ ደግሞ ሁለቱን በሞኖ ከፍቼ የኪኩን ፖላሪቲ፣ ማለትም የሞገዱን ላይና ታች፣ ገለበጥኩ፤ ሞላ ብሎ የተሰማውን መረጥኩ። ይህ የአንዲት ቁልፍ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳይሞክረው ኢኪው ሲያሽከረክር ይውላል።

ስቱዲዮ ስትገቡ ከሳውንድማኑ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ያልተነካው ቀረጻ በየትራኩ ተለይቶ በራሳችሁ ፍላሽ ላይ ሳይገለበጥ ማንም ኳንታይዝ እንዳያደርግ፣ ቀሪውም ክፍያ እንዳይከፈል። ቅር የሚለው ካለ ሌላ ስቱዲዮ ፈልጉ። ኳንታይዝ ተደርጎ ከጠበቃችሁም ቤዝና ኪክን ለብቻ አትስሙ፤ ከበሮውን አስከፍቱና 6ን አዳምጡ። 1 ላይ ሁሉም ትክክል ይመስላል።