ሩብ ነጥብ ልዩነት አይደለም

በ2018 መስከረም ደብረ ማርቆስ ለሚገኘው የዱቄት ፋብሪካችን አንድ ከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያ ቀጥረናል። ማስታወቂያው ወጣ፣ ማመልከቻ ተሰበሰበ፣ ተጣራ፣ ፈተና ተሰጠ። እስከዚህ ድረስ የምነግራችሁ ነገር የለኝም። መከራው የጀመረው ውጤት ተደምሮ ሁለት ሰዎች እኩል ሲቆሙ ነው። ያን ጊዜ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

አንደኛው ከቢቸና የመጣ ነው፣ ሁለተኛዋ ከዳንግላ። ለትምህርትና ለሥራ ልምድ ከ30፣ ለጽሑፍ ፈተና ከ40፣ ለቃለ መጠይቅ ከ30 ነበር የምንይዘው። የቢቸናው 28፣ 30.5 እና 23 አግኝቶ 81.5 ሆነ። የዳንግላዋ 23.5፣ 33 እና 24.75 አምጥታ 81.25 ሆነች። ሰብሳቢያችን ወረቀቱን አይተው «እንግዲህ የቢቸናው በልጧል፣ ምን ያከራክራል?» አሉ።

እኔ ግን የቃለ መጠይቁን ነጥብ በየጠያቂው ዘርዝሬ አስቀመጥኩላቸው። ሦስት ነበርን፤ ሁለታችን ለቢቸናው 22፣ 22 ስንሰጥ ሦስተኛው 25 ሰጥቷል። የሦስተኛውን ነጥብ ለሁለቱም ብናወጣው የቢቸናው 80.5፣ የዳንግላዋ 81.5 ይሆናሉ። አንድ ጠያቂ ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚለያያቸው ችሎታቸው ሳይሆን የጠያቂው እጅ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ «እኩል ናቸው» የምለው እንደዚህ ሲሆን ነው፤ የነጥቡን ርቀት ብቻ አይቼ አልፈርድም።

የውስጥ መመሪያችን ለእንዲህ ዓይነት ጊዜ «የበለጠ የሥራ ልምድ ያለው ይመረጣል» ይላል። ይህን አንቀጽ የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። የልምድ ዓመት እኮ ከ30ው ውስጥ አንዴ ተቆጥሯል! የቢቸናው 28 ያገኘው አሥራ አንድ ዓመት በመሥራቱ ነው። በዚያው ዓመት እንደገና እኩልነቱን ብንሰብርለት አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ስለዚህ ኮሚቴው በነጥቡ ውስጥ ያልገቡ ሦስት ነገሮችን እንዲያይ ጠየቅሁ፦ ለሥራው የሚያስፈልገውን ሙያ መጨረሻ የሠሩበት መቼ ነው፣ ኃላፊነታቸው በየጊዜው እንዴት አደገ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የቆዩትና የለቀቁት እንዴት ነው። ቅደም ተከተላቸውንም የማንንም ማኅደር ሳንከፍት በቃለ ጉባኤ አሰፈርን። ይህ ባይሆን ኖሮ እያንዳንዱ የሚወደውን ሰው የሚጠቅመውን መለኪያ መርጦ ይከራከር ነበር።

የመጀመሪያው ቀላል ሆነ። ለሁለቱም አንድ ወረቀት ሰጠን፦ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ከሁሉም ተቀናሽ በኋላ ስንት ይወስዳል? ስልክ መመልከት ፈቅደናል፤ ሰንጠረዥ በቃል መያዝ ሙያ አይደለም። የዳንግላዋ በአዲሱ፣ ከሐምሌ 2017 በወጣው ሰንጠረዥ ሠራች፦ 12,000 በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ሲቀነስ ግብሩ 2,250፣ የጡረታ 7 በመቶ 840፣ የተጣራ 8,910። የቢቸናው ስልኩን ሳያወጣ በ35 በመቶ አባዝቶ 1,500 ቀነሰና 2,700 ግብር፣ 8,460 የተጣራ ጻፈ። አሮጌው ሰንጠረዥ ነው፤ ለሠራተኛው 450 ብር ያጎድልበታል።

ሰብሳቢው አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ዞረው «በቃ፣ የቢቸናው ወደቀ» አሉ። አልወደቀም። አዲስ ሰንጠረዥ በአንድ ከሰዓት የሚለመድ ነገር ነው፤ እሱን አላወቀም ብሎ ሰው መጣል ሞኝነት ነው። የስህተቱ ጥቅም ቀጥሎ ምን መጠየቅ እንዳለብን ማሳየቱ ነው። «ደመወዝ በራስህ እጅ መጨረሻ የዘጋኸው መቼ ነው?» ስለው ትንሽ አስቦ «በ2014» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ንብረት ሂሳብ ላይ ነው። የባንክ ማስታረቂያ ስንሰጠው ግን ያልተመነዘሩትን ቼኮች ከእሷ ቀድሞ ለቅሞ አወጣ። ማስታረቅ የገባው ሰው ቶሎ አይረሳውም። ወር በወር ደመወዝ መዝጋት፣ ግብሩንና ጡረታውን በቀኑ ማሳወቅ፣ የሠራተኛን አቤቱታ መመለስ ግን ከእጅ ሲወጣ ለመመለስ ወራት ይፈልጋል። እኛ የምንቀጥረው ደግሞ ለዚሁ ነው። ስለዚህ በዚህ መለኪያ የዳንግላዋ በለጠች፣ ግን ጥቂት ነው የበለጠችው።

ሁለተኛው መለኪያ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

የኃላፊነት ዕድገት ለማየት በየትኛው ዓመት ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የዳንግላዋ ከአራት መሥሪያ ቤት አራት ማስረጃ አላት። በብድርና ቁጠባ ገንዘብ ያዥ፣ በሥራ ተቋራጭ ጀማሪ ሂሳብ ሠራተኛ፣ በአንድ ፕሮጀክት የበጀት ሪፖርት አዘጋጅ፣ አሁን በጅምላ አከፋፋይ የስድሳ ሰው ደመወዝ የምትዘጋ። የቢቸናው የያዘው አንዲት ወረቀት ናት። «ከ2007 ጀምሮ እስካሁን በሂሳብ ሠራተኛነት በማገልገል ላይ ይገኛሉ፤ የሥራ ግብርም ከፍለዋል።» ማኅተም፣ ፊርማ፣ አለቀ። ደመወዝ የለ፣ የሥራ መደብ ለውጥ የለ። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር!

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። የቢቸናው የሚሠራበት የልማት ድርጅት በዚህ አዋጅ የሚተዳደር ነው። ስለዚህ ልጁን ሄደህ ዘርዝረው እንዲጽፉልህ ጠይቅ አልኩት። ይዞ የመጣው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አዲስ ቀንና አዲስ የወጪ ቁጥር ተለጥፎበት። እኔው ደወልኩ።

«እኛ ጋ ፎርሙ ይኸው ነው» አለኝ የሰው ሀብት ኃላፊው።

«ጌታዬ፣ አዋጁ እኮ ደመወዙንም የሥራውን ዓይነትም ጻፉ ይላል።»

«እኛ ደግሞ የራሳችን አሠራር አለን። ለመሆኑ ጠባዩን ነው የፈለጉት? ጠባዩ ጥሩ ነው።»

ጠባዩን ማን ጠየቀው? በሌላ ቀን ስደውል ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ በሌላው መስክ ወጥተዋል። ደብዳቤ ጻፉልን ተባልንና ጻፍን፤ መልሱ አልመጣም። አንድ ሠራተኛ አሥራ አንድ ዓመት አገልግሎ ምን እንደሠራ የሚመሰክርለት ወረቀት ሲነፈግ ሂሳቡን የሚከፍለው እሱ ነው። ኮሚቴያችን ውስጥ «ዕድገት የለውም ማለት ነው» የሚል ድምፅ ወዲያው መሰማት ጀምሮ ነበር። ማስረጃ አለመኖርና ዕድገት አለመኖር አንድ ተደርጎ ሲታይ ዝም ብዬ ላልፍ አልቻልኩም።

በመጨረሻ ለልጁ «ቤትህ ያለህን ወረቀት ሁሉ ይዘህ ና» አልኩት። በፕላስቲክ ክላሰር ይዞ መጣ። ሐምራዊው ማኅተም ሊጠፋ የደረሰ የ2009 የምደባ ደብዳቤ ወደ ደመወዝ ክፍል እንደተዛወረ ይናገራል። የ2012ቱ በተጠባባቂነት የክፍያ ቡድን መሪ ያደርገዋል። የ2014ቱ ቋሚ ሰው ስለተመደበ «ወደ ቀድሞ ደረጃዎ ተመልሰው» ንብረት ሂሳብ ላይ እንዲሠራ ያዘዋል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የለም። ግን ከ2014 ወዲህ አዲስ የተማርከው ምንድን ነው ስንለው የመለዋወጫ ዕቃ ቢን ካርድና ሌጀር አልገናኝ እያለ እንዳስቸገራቸው፣ እሱ በኤክሴል ወር በወር የሚያስታርቅበትን ሠንጠረዥ እንደሠራ አስረዳን። ዕድገት ነው፤ ማዕረግ ያልተሰጠው ዕድገት። የኛ ችግር አቅጣጫው ነው፦ ከምንፈልገው ሥራ እየራቀ ነው ያደገው።

የዳንግላዋን የሚወጣ መስመርም እንዲሁ አላመንኩትም። ሦስት ሰው ባለበት ቢሮ «ኃላፊ» መባል ርካሽ ነው። ስለዚህ የማዕረጉን ስም ትተን ያለፈውን የነሐሴ ወር ደመወዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድትተርክልን አደረግን። የሰዓት መቆጣጠሪያውን ከማን እንደምትቀበል፣ ትርፍ ሰዓት ማን እንደሚያጸድቅ፣ አንድ ሠራተኛ በወር መሐል ሲለቅ ምን እንደምታደርግ፣ ለግብር ስታሳውቅ የት ላይ እንደተሳሳተችና እንዴት እንዳረመችው ነገረችን። ያልሠራ ሰው የሠራውን ስህተት እንዲህ በዝርዝር አይናገርም።

ሦስተኛው፣ የቆይታው ጉዳይ፣ ሰብሳቢያችንና እኔ እስካሁን ያልተስማማንበት ነው። «ልጄ፣ በሰባት ዓመት አራት ቦታ የዘለለ ሰው እኛ ጋ ይቀመጣል ብለህ ነው?» አሉኝ። እያንዳንዱን መልቀቂያ አወጣን። ከብድርና ቁጠባው የወጣችው በራሷ ፈቃድ፣ የተሻለ መደብ አግኝታ ነው። ሥራ ተቋራጩ ግንባታውን ጨርሶ ሠራተኛ በተነ። ፕሮጀክቱ ውል ያለው ነበር፤ በ2015 መጨረሻ ግጭቱ ሲጀምር ቢሮው ተዘጋ። ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ክፍት ጊዜ አላት። ጎጃም ውስጥ የ2016ን ክፍት ጊዜ እንደ ስንፍና የሚቆጥር ሰው መንገዱ ተዘግቶ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ የነበረበትን ዓመት የት ሆኖ እንዳሳለፈ ቢነግረኝ እወዳለሁ። በዚያ ላይ ወልዳለች፤ ይህን ደግሞ ጠይቄ ሳይሆን ራሷ ነግራን ነው ያወቅነው፣ መለኪያም አላደረግነውም። ስለዚህ በራሷ ምርጫ የለቀቀችው አንዴ ነው፣ እሱም ወደ ላይ።

የቢቸናውን አሥራ አንድ ዓመትስ? ረጅም ቆይታ ብቻውን ታማኝነት አይደለም። አሁን ለምን ትለቃለህ ስንለው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊያዛውሩት እንደሆነ ነገረን። አያስወቅሰውም፤ ግን የሚለቀው ሥራውን ፈልጎ ነው ወይስ ዝውውሩን ሸሽቶ የሚለው አልጠራልኝም።

የዳንግላዋን ቀጠርን። የስድሳ የሥራ ቀን ሙከራዋን ጨርሳለች፣ ደመወዙም በቀኑ ይወጣል። ይህን ጠቅሼ ዘዴዬ ትክክል ነበር ብል ግን ውሸት ነው፤ የቢቸናው ቢቀጠር ምን ይሆን እንደነበር ማንም አላየም። ለእሱ የንብረት ሂሳብ መደብ ሲከፈት እንድንደውልለት ስልኩን ይዘናል። ሰብሳቢው «ያኔ ደግሞ ሌላ ክርክር ታመጣለህ» ይሉኛል።

አሁን ማስታወቂያችን ላይ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ አመልካቾች ከሥራ ልምድ ማስረጃው በተጨማሪ ያላቸውን የምደባ፣ የዝውውርና የውክልና ደብዳቤ ቅጂ እንዲያያይዙ፣ ደመወዝ መጨረሻ የዘጉበትን ወርና ዓመት በማመልከቻው ላይ እንዲጽፉ። አመልካች ለሆናችሁ ደግሞ እያንዳንዱን የዝውውር ደብዳቤ በተቀበላችሁበት ቀን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። መሥሪያ ቤታችሁ በኋላ ይጽፍልኛል ብላችሁ አትጠብቁ።