የወንድ ወገንን ለሴት ወገን ማስተዋወቅ፦ ከቀለበት ሥነ ሥርዓት የያዝኳቸው ማስታወሻዎች

ሽማግሌ ሆኖ ልጅ መጠየቅና በቀለበት ዕለት ቤተሰብን ከቤተሰብ ማስተዋወቅ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው አፍ የሚፈጸሙ ቢሆኑም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሽምግልና ላይ ተናጋሪው ለማኝ ነው፤ «ተቀመጡ» ሲባል «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል፤ ቀጠሮ ሲሰጠው አመስግኖ ይወጣል፤ በቀጠሮውም ቀን ተመልሶ ይመጣል። በቀለበት ዕለት ግን ልመናው አልቋል፣ ልጅቱም ተፈቅዳለች፤ ተናጋሪው የሚጠበቅበት ይዟቸው የመጡትን ሰዎች እያንዳንዳቸውን በክብር ስማቸው አንሥቶ፣ አማች ለሚሆኗቸው ሰዎች ማንነታቸውን ማስረዳት ነው። እኔ በአዲስ አበባ ውስጥ መሠረታቸው ከጎጃምና ከሸዋ ለሆነ ቤተሰቦች ሽማግሌ እየሆንኩ፣ መጀመሪያ ከአንድ አንጋፋ ሽማግሌ ጎን ተቀምጬ በመስማት፣ ኋላም ራሴ በመናገር የተማርኩት በተለይ ይህንን ሁለተኛውን ክፍል ስለሆነ እርሱን ብቻ አካፍላለሁ።

ከሁሉ በፊት የለወጥኩት ዝግጅቴን ነው። ቀደም ሲል የስም ዝርዝሩን ከሙሽራው እቀበል ነበር፤ ሙሽራው ግን አጎቱን በቤት ስም ብቻ ያውቃቸዋል፣ የአክስቱንም ባል «ጋሼ» ከማለት በቀር የአባታቸውን ስም ላያውቅ ይችላል። አሁን ከዕለቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብዬ ወደ ሙሽራው እናት ወይም ወደ ቤቱ ታላቅ ሰው ዘንድ እሄድና ስለ እያንዳንዱ ሰው ስሙን እስከ አያቱ፣ ሊጠሩበት የሚወዱትን ማዕረግ፣ ከሙሽራው ጋር ያላቸውን ዝምድና፣ በመጨረሻም በአደባባይ እንዳይነሣ የሚፈልጉት ነገር ካለ እርሱን እጠይቃለሁ። የመጨረሻውን ጥያቄ ያስተማሩኝ ከጎናቸው የተቀመጥኩት ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙው ቅያሜ የሚመጣው ከእርሱ ነው ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ የምከተለው ሥርዓት ይህ ነው። የንስሐ አባት ወይም ሌላ የሃይማኖት አባት አብረው ከመጡ እነርሱ ይቀድማሉ፤ ቀጥሎ በዕድሜ የገፉ አያቶች፣ ከዚያ አባትና እናት፣ ከዚያ አጎቶችና አክስቶች ከነባለቤቶቻቸው፣ በመጨረሻም ወንድሞችና እኅቶች ይጠራሉ። ሙሽራው የሚጠራው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ስለ እርሱም ከአንድ ዐረፍተ ነገር አልጨምርም፣ ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁ ስለ እርሱ ብዙ ተብሏልና። ለእያንዳንዱ ሰው የምናገረው ስም፣ አገርና ዝምድና ነው። ሀብትን፣ የመኪናን ዓይነትና የንግድ ድርጅትን አላነሣም፤ ሥራ የማነሣው ደግሞ ሰውየው በሥራቸው የሚጠሩ ከሆነ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ መምህር፣ መሪጌታ ወይም ዶክተር ተብለው የሚጠሩ እንደሆነ። አንድ ወንድሙን በሥራ ስም አስተዋውቆ ሌላውን በስሙ ብቻ ማለፍ፣ ያለ ሥራ የተቀመጠውን ወጣት በሰው ፊት ማሳየት ነው። ስለዚህ የወንድሞችና የእኅቶች ተራ ሲደርስ ለሁሉም አንድ ዓይነት አነጋገር እይዛለሁ።

ይህ ሥርዓት በቀላሉ የማይሠራበት አንድ ቤተሰብ አጋጥሞኝ ብዙ አስተምሮኛል። የሙሽራው አባትና እናት ከተፋቱ ቆይተዋል፤ እናቱ ሌላ ትዳር መሥርተዋል፤ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉትም የእናቱ ባለቤት ናቸው። ወላጅ አባቱም በዕለቱ እንደሚመጡ አስታውቀዋል። አሳዳጊውን ማስቀደም ወላጅ አባቱን በአማቾች ፊት ማዋረድ ይሆናል፤ አሳዳጊውን «የእናቱ ባለቤት» ብሎ ማለፍ ደግሞ ላሳደጉት ሰው ውለታ ቢስነት ነው። መፍትሔውን እኔ አላመጣሁትም፤ ሁለቱን ሰዎች ለየብቻ ሄጄ ጠየቅኋቸው። አሳዳጊው «የልጁ ዘር የሚቆጠረው በአባቱ ነው፣ እርሳቸው ይቅደሙ» አሉኝ፤ ወላጅ አባቱም በበኩላቸው «ያሳደጉልኝ እርሳቸው መሆናቸው ይነገርልኝ» አሉ። በዕለቱ የተናገርኩት ስሞቹን ትቼ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«የተከበራችሁ የእገሌ ቤተሰቦች፣ ልጃችሁን ለልጃችን ስለፈቀዳችሁልን ደግመን እናመሰግናለን። ዛሬ ደግሞ ማን ቤት እንደምትገባ ታውቁ ዘንድ ቤተሰቡን በፊታችሁ እናቀርባለን። እኒህ የልጃችን አባት፣ አቶ እገሌ እገሌ ናቸው፤ ትውልዳቸው ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ ነው። እኒህ እናቱ፣ ወይዘሮ እገሊት ናቸው። ከእርሳቸው ቀጥለው የተቀመጡት ልጃችንን ከሕፃንነቱ ጀምረው አሳድገው፣ አስተምረው ለዚህ ያበቁልን አባቱ፣ አቶ እገሌ ናቸው፤ አባቱም ይህንን ውለታ ከሁላችን ቀድመው እንዲነገር ፈቅደዋል።»

ከዚህ ውስጥ ሥራ የሠራችው የመጨረሻዋ ሐረግ ናት ብዬ አምናለሁ። ወላጅ አባቱ ውለታውን ራሳቸው ያስነገሩት ስለሆነ ከሴት ወገን የነበሩት ሽማግሌ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ለሁለቱም እጅ ነሡ፤ ሌላ ጥያቄም አልተነሣም።

በሞት የተለዩ ወላጆች ካሉ ስማቸውን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም፤ የሴት ወገን የሚያጣራው ዘሩን ከእነርሱ ነው። ክርስቲያን ከሆኑ «ነፍሳቸውን ይማርና»፣ ሙስሊም ከሆኑ «አላህ ይዘንላቸውና» ብዬ ስማቸውን ካነሣሁ በኋላ ወዲያው በአባት እግር የተተኩትን ሰው አስቀጥላለሁ። በዚህ ቦታ ቆም ማለት እናትን ያስለቅሳል፤ ስለዚህ ሁለቱን ስሞች በአንድ ትንፋሽ መናገርን በቤቴ ደጋግሜ ተለማምጃለሁ። በወሎ መሠረት ባለው ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ክርስቲያንና ሙስሊም ዘመዶች አንድ ላይ መቀመጣቸው የተለመደ በመሆኑ፣ ምርቃቱን ራሴ አልጀምርም፤ ለሁለቱም ወገን ታላላቆች ተራ በተራ እሰጣለሁ።

አገርን መጥቀስ ጌጥ አይደለም። በልማዳችን ጋብቻ ከሰባት ቤት ወዲያ ሊሆን ይገባል፤ ሽማግሌዎቹም ይህን በጥየቃው ጊዜ አጣርተውታል ተብሎ ይታሰባል፤ ሆኖም የአያት ስምና የትውልድ ቀበሌ በጉባኤ መካከል ሲነገር «እኔም የዚያ አገር ሰው ነኝ» የሚሉ አዛውንት ከሴት ወገን መነሣታቸው አይቀርም። በዚህ ጊዜ ጀማሪ ተናጋሪ ሰዓቱን እያየ ዝርዝሩን ሲቀጥል አይቻለሁ፤ አዛውንቱም ዝም ተባልኩ ብለው አኩርፈው ቀርተዋል። እኔ ዝርዝሬን አቆምና «አባታችን፣ ያጫውቱን» እላለሁ። የመጨረሻው ስም ተቆጥሮ አለመገናኘታቸው ሲታወቅ ሳቅና ጭብጨባ ይሆናል፤ በእኔ ፊት ዝምድና ተገኝቶ የቆመ የቀለበት ሥነ ሥርዓት እስካሁን አላየሁም። ለዚህ ስል በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ ሰባት ያሉትን የሙሽራውን ቅድመ አያቶች ስም በወረቀት ይዤ እገባለሁ፤ ካልተጠየቅሁ ግን አላነብም። በነገራችን ላይ ሕጉና ልማዱ በዚህ አይገጥሙም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሚከለክለው የቅርብ ሥጋ ዝምድናን ነው፤ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ቤተሰቡ ነው።

ይኸው ሕግ ሌላም ጥንቃቄ አስተምሮኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መተጫጨት የተለየ ድንጋጌ ነበረው፤ የ1992ቱ ሕግ ግን ይህን ትቶታል። ስለዚህ የቀለበት ሥነ ሥርዓት በራሱ ጋብቻ ስላልሆነ «ከዛሬ ጀምሮ ባልና ሚስት ናችሁ» የሚለውን አነጋገር፣ ሞቅ ያለ ቢመስልም፣ ከንግግሬ አውጥቻለሁ፤ ልጆቹን «ቃል የተገባቡ ልጆቻችን» እላቸዋለሁ። አማቾቹንም ገና «ልንዛመድ የቆረጥን» እንጂ «ዘመዶች» አልላቸውም፤ የሴት ወገን ታላላቆች ይህን ሲሰሙ ደስ እንደሚላቸው ከፊታቸው አነብባለሁ።

ከአንቱታ ጋር በተያያዘ አንድ ልማድ ለማስተካከል ጊዜ ወስዶብኛል። ሙሽራው ታላቅ ወንድሙን ቤት ውስጥ «አንተ» ይለዋል፤ እኔም ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በሌላው ቤተሰብ ፊት ግን ባለትዳር የሆነውን ሁሉ «ናቸው» እያልኩ አስተዋውቃለሁ፤ ታናናሾቹን ብቻ «ነው» እና «ናት» እላለሁ። በአንድ ዝርዝር መካከል አንዱን አጎት «ናቸው» ሌላውን «ነው» ብሎ መዝለል ሰሚው ወዲያው የሚይዘው ነገር ነው፤ ማይክራፎን ደግሞ ይህን ከፍ አድርጎ ያወጣዋል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች በስልክ ቪዲዮ ሲገቡም የተለየ አያያዝ ያስፈልጋል። ከዋሽንግተን የገቡ አጎት ድምፃቸው ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ስማቸውን ጠርቼ ወዲያው ወደሚቀጥለው ሰው ካለፍኩ ሰላምታቸው በሌላው ሰው ስም ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ስልኩን የያዘውን ወጣት ከጎኔ አስቁሜ፣ ስማቸውን እጠራና ሰላምታቸው ተሰምቶ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ንግግር እንዲያደርጉ የምጋብዛቸው ግን በአዳራሹ ያሉት ታላላቆች ከተናገሩ በኋላ ነው።

ርዝመቱን በተመለከተ ከሰላምታ እስከ ሙሽራው ስም አምስት ደቂቃ ያህል በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ተረትና ምሳሌ ከአንድ በላይ አላስገባም፤ አንዱም ቢሆን ከሴት ወገን ጋር ቀድሞ የተሰማ እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ፤ በሽምግልናው ጊዜ የተነገረውን መድገም ሽማግሌዎቹን ያሰለቻል። ስጦታውንም በትውውቁ ውስጥ አልቆጥርም፤ ሰዎች ተጠርተው ሳያልቁ ወርቅና ልብስ ከተነሣ፣ የቤተሰቡ ስም ከዕቃው ኋላ ይቀራል።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ቃሉን ለሴት ወገን የማስረክብበት አነጋገር ደግሞ ይህ ነው፦ «እኛን በዚህ ልክ አውቃችሁናል፤ እናንተን ደግሞ በእናንተ አንደበት ልናውቃችሁ እንወዳለን፤ ስሕተት ካለብንም አቃኑን።» ይህን ብዬ እቀመጣለሁ፤ ከሴት ወገን ሰው እስኪነሣ ድረስም አንዳች አልጨምርም።

አሁን የምዘጋጀው ለሴት ወገን ተናጋሪ ሆኜ ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ ቀለበት ታደርጋለች። እዚህ ቦታው ይገለበጣል፤ ባለቤት ስለሆንን ማስተዋወቁ የሚጀምረው ከእንግዶች አቀባበል ነው፤ የልጅቱንም እናት ከወንድ ወገን እናት ጎን አስቀምጦ ሁለቱን አንድ ላይ መጥራትን አስቤያለሁ። ከልጅቱ አያት ግን ፈቃድ አላገኘሁም፤ እርሳቸው ሴት ልጃቸው በእርሳቸው ጎን ሆና እንድትጠራ ስለሚፈልጉ፣ ከእሑድ በፊት ሁለቱን እናቶች ጠይቄ እወስናለሁ።