መሳቢያ ውስጥ የቀረው ማይክ

ሰኞ ጠዋት ኮምቦልቻ ካለው ቅርንጫፋችን ተደወለልኝ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ናቸው፤ እኛ እትዬ ነው የምንላቸው። "አንተ ልጅ፣ አዲስ አበባዎቹን እኔ እሰማቸዋለሁ፤ እነሱ ግን አይሰሙኝም። ስብሰባ ላይ ድዳ ሆኜ ቁጭ ብያለሁ!"

"አብሽሩ እትዬ፣ ኔትወርክ ነው" አልኳቸው። ሳላይ መፍረዴ ነው። ውጡ፣ ግቡ፣ አጥፉ፣ አብሩ እያልኩ ግማሽ ሰዓት ካንገላታኋቸው በኋላ ከደሴ ተነስቼ ሐረጎን ወረድኩ።

ስደርስ ስብሰባው አላለቀም። በመጀመሪያ ላፕቶፑን ከስልኬ ዳታ ጋር አገናኘሁት። ያው ነው። ኔትወርኩን በከንቱ አምቼዋለሁ። ቀጥሎ በድምፅ መቅጃው "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አስባልኳቸው። ጥርት ብሎ ተቀዳ። እንግዲህ ማይኩም ድራይቨሩም ጤነኛ ናቸው። ታዲያ ስብሰባው የሚሰማው የትኛውን ማይክ ነው?

ዊንዶውስ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዋና ማይክ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ለማንኛውም ሥራ፣ ሌላው ለጥሪ ብቻ። መቅጃው የመጀመሪያውን ይወስዳል፣ ብዙ የስብሰባ ፕሮግራሞች ደግሞ ሁለተኛውን። ይህን ለማየት የዊንዶውስን ቁልፍና R አንድ ላይ ተጭኜ ይህን ጻፍኩ፦

```
mmsys.cpl
```

Recording የሚለውን ስከፍት ሁለት ማይክ ተደርድሯል። የላፕቶፑ ላይ አረንጓዴ የራይት ምልክት፣ ከሥሩ ያለው የብሉቱዝ ማዳመጫ ላይ አረንጓዴ የስልክ ምልክት። እትዬ ሲናገሩ የላፕቶፑ መስመር ከፍ ዝቅ ይላል፣ የማዳመጫው ንቅንቅ አይልም።

"ማዳመጫው የት ነው?"

"አርብ ነው መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት። ዛሬ ድምፅ ሲጠፋብኝ ስፒከሩን ወደ ላፕቶፑ መለስኩት።"

ስፒከሩን መልሰዋል፣ ማይኩን ግን አልነኩትም። መሰማታቸው ቀርቶ መስማታቸው የቀጠለው ለዚህ ነው። መሳቢያውን ስከፍተው የማዳመጫው ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ጠዋት ላፕቶፑን ሲከፍቱ ራሱ ተገናኝቷል። በጥፍሬ ጫር ጫር ሳደርገው ሞቶ የነበረው መስመር ዘለለ፤ ከአዲስ አበባም "ማነው የሚቧጭረው?" የሚል ድምፅ መጣ።

ማዳመጫውን አጠፋሁት። የላፕቶፑን ማይክ በቀኝ ክሊክ Set as Default Communication Device አልኩት። ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቼም Default የሚለውን ትቼ ማይኩን በስሙ መረጥኩ። አለበለዚያ ማዳመጫው በተከፈተ ቁጥር ጣጣው ሊመለስ ይችላል። መስመሩ በትክክለኛው ማይክ ላይ እየተንቀሳቀሰ ጥሪው ላይ ዝም ቢል ኖሮ ግን የማይክ ፈቃዱን ነበር የማየው፤ በተለይ ስብሰባው በብራውዘር ከሆነ።

"አሁንስ ትሰሙኛላችሁ?" አሉ እትዬ።

"እንሰማለን" አሉ ሰብሳቢው። "እስካሁን ግን ከመሳቢያዎ ጋር ነው የተሰበሰብነው ማለት ነው።"