ሁሉም «ሩቢ» ተብለው የተሸጡ ቀያይ ድንጋዮች፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን ሙሉ ትኩረቴ ቀያይ ድንጋዮች ላይ ነው። ከዚህም ከዚያም የተሰበሰቡ ትንንሽ የተሞረዱ ድንጋዮች አሉኝ፤ ሻጮቹ ሁሉንም ሩቢ ነው ያሏቸው። ከመካከላቸው ግን ስፒኔልና ጋርኔት የሚባሉ ሌሎች የከበሩ ድንጋዮችም አሉ። በቤት ውስጥ ዕቃ ምን ያህል መለየት እንደሚቻል ላካፍላችሁ።

ቀለም ብቻውን አያስፈርድም። ሩቢንም ቀይ ስፒኔልንም የሚያቀላው ያው ክሮሚየም ነው። በእንግሊዝ ዘውድ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ቀይ ድንጋይ እስከ ዛሬ «የጥቁሩ ልዑል ሩቢ» ይባላል፤ ነገር ግን ስፒኔል ነው። ቀይ ጋርኔት ውስጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብረት ይበዛል። ስለዚህ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ወፈር ካለም ጥላ ውስጥ ይጠቁራል።

እኔ የምጀምረው በአልትራቫዮሌት ባትሪ ነው። 365 ናኖሜትር የሚለውን ይዤ መብራት አጠፋለሁ። ክሮሚየም ያላቸው እንደ ፍም ይቀላሉ። ጋርኔት ዝም ይላል። ግን ዝም ያለ ሁሉ ጋርኔት አይደለም፤ ብረት የበዛበት ሩቢ፣ ለምሳሌ የታይላንዱ፣ ብርሃኑ ደካማ ነው። በጣም የሚያበራውንም በጥርጣሬ እዩት፤ ፋብሪካ የሠራው ሩቢ ከተፈጥሮው በላይ ሊያበራ ይችላል።

ቀጥሎ ዳይክሮስኮፕ። በጣት የሚያዝ ትንሽ ቱቦ ሲሆን፣ በድንጋዩ ውስጥ ያለፈውን ብርሃን ለሁለት ከፍሎ ጎን ለጎን ያሳያል። ሩቢ ከሆነ አንዱ መስኮት ሐምራዊ ቀይ፣ ሌላው ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። ስፒኔልና ጋርኔት ላይ ሁለቱም መስኮቶች አንድ ናቸው። ብቻ ሩቢም ቢሆን በአንድ አቅጣጫ ሲታይ አንድ ቀለም ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ድንጋዩን ቢያንስ በሦስት አቅጣጫ ሳላዞር አልወስንም።

ከድንጋዮቹ አንዱ በባትሪው ደመቅ ብሎ በራ፤ በዳይክሮስኮፕ ግን በየትኛውም በኩል አንድ ቀለም ነው። ስፒኔል ሳይሆን አይቀርም አልኩና ወደ ውሃው ሄድኩ። ድንጋዩ 2.52 ካራት ይመዝናል። ሚዛኑ ላይ ትንሽ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጬ ወደ ዜሮ መለስኩት። ከዚያ ድንጋዩን በቀጭን ክር አስሬ፣ ክሩን ሚዛኑን ከማይነካ ነገር ላይ ሰቅዬ፣ ግድግዳም ታችም ሳይነካ ውሃው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ሚዛኑ 0.70 አነበበ። 2.52 ለ0.70 ሲካፈል 3.60፤ ድንጋዩ በመጠን እኩል ከሆነው ውሃ 3.60 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው፤ ይህም የስፒኔል ልክ ነው። ሩቢ ቢሆን 4.00 ስለሆነ ንባቡ 0.63 ይሆን ነበር።

ልዩነቱ 0.07 ካራት ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀች አንዲት የአየር አረፋ ውጤቱን ታዛባለች፤ ውሃው ላይ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ማድረግ ይረዳል። ከአንድ ካራት በታች ላለ ድንጋይ የኔ ሚዛን አይበቃም። አልማንዲን የሚባለው ጋርኔትም 4 አካባቢ ስለሚመዝን፣ ውሃው እሱን ከሩቢ አይለይም፤ እዚያ ዳኛው ዳይክሮስኮፑ ነው። ስፒኔሉ የተፈጥሮ ይሁን የፋብሪካም ሚዛን አይናገርም።

ጥንካሬን በተመለከተ፣ በሞህስ መለኪያ ሩቢ 9፣ ስፒኔል 8፣ ጋርኔት ከ7 እስከ 7.5 ነው። እባካችሁ የተሞረደ ድንጋይ አትቧጭሩ! ስፒኔልም ጋርኔትን ይጭራል፤ ጭረቱ ብዙም አይነግራችሁም፣ ድንጋዩ ግን ይበላሻል። ይልቅ የቆየ ቀለበት ካገኛችሁ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ጠርዞቹን እዩ። ጋርኔት ላይ ጠርዙ ተበልቶ ነጣ ይላል። ሩቢ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ስለት ይቆያል።

ሩቢ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሌላ ጣጣ አለ። ገበያ ላይ ያለው ሩቢ አብዛኛው በእሳት የታከመ ነው፤ ስፒኔል አልፎ አልፎ ይሞቃል፣ ጋርኔት በተለምዶ እንዳለ ይሸጣል። ማሞቁ ብዙም አያስከፋም። የሚያሳስበው ስንጥቁ በእርሳስ መስታወት የተሞላው ነው። በአጉሊው ውስጥ ድንጋዩን ቀስ ብላችሁ ስታዘነብሉት ስንጥቁ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል፤ ውስጡም ጠፍጣፋ ወይም ክብ አረፋ አለ። ላዩ ላይ ደግሞ መስታወቱ የወጣበት መስመር ከድንጋዩ ይልቅ ደብዘዝ ይላል። እንዲህ ያለውን የሎሚ ጭማቂ እንኳ ይጎዳዋል። ቀለበት ለማስጠገን ስትሰጡ ለሠራተኛው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የብየዳ እሳትና የማጽጃ አሲድ መስታወቱን ያበላሹታል፣ ስንጥቁም ፈጦ ይወጣል።

እኔ አሁን የቆምኩት የሞቀውን ካልሞቀው መለየት ላይ ነው። ያልሞቀ ሩቢ ውስጥ አንዳንዴ እንደ ሐር ክር የሚታዩ ቀጫጭን መርፌዎች አሉ፤ ኃይለኛ እሳት እነሱን ቆራርጦ ነጠብጣብ ያስመስላቸዋል። በ10 እጥፍ አጉሊ ግን ይህን እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልቻልኩም። «ያልሞቀ ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ ካጋጠማችሁ የላብራቶሪ ወረቀት ጠይቁት።