ቪክቲም ካሽና ፕሪፌች፦ ሁለቱን የለየልኝ አንድ ሉፕ

የኮምፒውተር አርክቴክቸር ፈተናዬ ተቃርቧል። የካሽ ምዕራፍ የድሮ ጥያቄዎችን ሰሞኑን መልሱን ሳላይ መሥራት ጀምሬያለሁ፤ ደስ ብሎኛል። አብራችሁኝ የምትዘጋጁ ስላላችሁ፣ ብዙ ሰዓቴን የበላውን ክፍል ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ያለውን ቶሎ ልለፈው። አድራሻን ታግ፣ ኢንዴክስና ኦፍሴት ብሎ መከፋፈል በእጅ ጥቂት ሲሠሩት ይገባል። ሦስቱን የሚስ ዓይነቶችም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኮምፐልሰሪ ሚስ ብሎኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ የሚመጣ ነው። ካፓሲቲ ሚስ ካሹ ራሱ ሲያንስ ነው። ኮንፍሊክት ሚስ ደግሞ ካሹ ውስጥ ሌላ ባዶ ቦታ እያለ ሁለት ብሎኮች አንድ ቦታ ላይ ሲጋፉ ነው። እነዚህን ሳትለዩ ወደ ቪክቲም ካሽና ፕሪፌች አትሂዱ፤ የፈተናው ጥያቄ ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ ሐሳቦች ጎን ለጎን የሚጠየቁበት ምክንያት አለ። ኖርማን ጁፒ በ1990 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ውስጥ እየሠራ ባወጣው አንድ ጽሑፍ ላይ ሁለቱንም አቅርቧል። አንደኛው ቪክቲም ካሽ ነው። ሁለተኛው ስትሪም በፈር የሚባለው የፕሪፌች ዘዴ ነው። በጊዜው ዳይሬክት ማፕድ ካሽ ይወደድ ነበር፤ እያንዳንዱ ብሎክ አንድ ቦታ ብቻ ስላለው ፍለጋው ፈጣን ነው። ጉዳቱ ደግሞ መጋፋቱ ነው። ጁፒ ፍጥነቱን ሳይነካ ጉዳቱን መቀነስ ፈልጎ ነበር።

ቪክቲም ካሽ ከዋናው ካሽ ተገፍተው የወጡ ጥቂት ብሎኮችን የሚይዝ ትንሽ ካሽ ነው። ብሎክ የትኛውም ቦታው ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ዋናው ካሽ ውስጥ የጠፋው ብሎክ እዚያ ከተገኘ፣ ቦታውን ከያዘው ብሎክ ጋር ይለዋወጣሉ። ፕሪፌች ግን የወጣውን አይመልስም። ገና ያልተጠየቀውን ቀድሞ ያመጣል። ይህን ሁሉም ሰው በቃሉ ይላል። ለእኔ በደንብ የተለየልኝ ግን አንድ ሉፕ ይዤ ስቀመጥ ነው።

```
for (i = 0; i < 512; i++)
    s += a[i] * b[i];
```

ካሹ 4 ኪሎባይት ዳይሬክት ማፕድ ይሁን። ብሎኩ 32 ባይት ነው፤ ስለዚህ 128 ቦታዎች አሉ። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ስለሆነ አንድ ብሎክ አራት ቁጥር ይይዛል። `a` ከ `0x10000`፣ `b` ከ `0x11000` ይጀምራሉ። የሁለቱ ልዩነት ልክ 4096 ባይት፣ ማለትም የካሹ መጠን ነው። ስለዚህ `a[i]` እና `b[i]` ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። `s` ሬጂስተር ውስጥ ነው እንበል።

አሁን ቀስ ብላችሁ ተከተሉ። `a[0]` ሲጠየቅ ሚስ ነው፤ የ`a` የመጀመሪያ ብሎክ ይገባል። `b[0]` ሚስ ነው፤ የ`a`ን ብሎክ አስወጥቶ ይገባል። `a[1]` ያ አሁን የወጣው ብሎክ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ሚስ። `b[1]`ም እንደዚያው። 1024 ጥያቄ፣ 1024 ሚስ። አንድም ሂት የለም። ከእነዚህ ውስጥ ኮምፐልሰሪው 256 ብቻ ነው፤ ሁለቱ አሬዎች እያንዳንዳቸው 128 ብሎክ አላቸውና። የቀረው 768 ኮንፍሊክት ነው።

አንድ ብሎክ ብቻ የሚይዝ ቪክቲም ካሽ ጨምሩ። `b[0]` ሲገባ የ`a` ብሎክ ወደ ቪክቲም ካሹ ይሄዳል። `a[1]` ሲጠየቅ እዚያ ይገኛል፤ ቦታ ይለዋወጣሉ። `b[1]`ም እዚያው ይገኛል። እንዲህ እያለ እስከ `b[3]` ይሄዳል። ከስምንት ጥያቄ ስድስቱ ከቪክቲም ካሽ፣ ሁለቱ ከሜሞሪ ይመጣሉ። 768ቱ ኮንፍሊክት በሙሉ ጠፋ ማለት ነው። 256ቱ ኮምፐልሰሪ ግን አልተነካም። ሊነካም አይችልም፤ ከዚህ በፊት ያልገባ ብሎክ ተገፍቶ ሊወጣ አይችልም።

ፈተና ላይ ይህ ወደ ስሌት ይመጣል። ሂት 1 ሳይክል፣ ቪክቲም ካሽ ላይ ሲገኝ ተጨማሪ 1፣ ሜሞሪ ሲኬድ ተጨማሪ 50 ይሁን። `m` የዋናው ካሽ ሚስ ድርሻ ነው፣ `h` ደግሞ ከእነዚያ ሚሶች ውስጥ ቪክቲም ካሽ ላይ የተገኙት ድርሻ።

```
AMAT = T_hit + m*(h*T_vc + (1-h)*T_mem)

ያለ ቪክቲም ካሽ:    1 + 1*50 = 51
ከቪክቲም ካሽ ጋር:   1 + 1*(0.75*1 + 0.25*50) = 14.25
```

`m` በሁለቱም መስመር 1 መሆኑን ልብ በሉ። የዋናው ካሽ ሚስ ድርሻ ከ100% አልወረደም። የወረደው እያንዳንዱ ሚስ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። «ቪክቲም ካሽ የዋናውን ካሽ ሚስ ሬት ይቀንሳል፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» የሚለው ጥያቄ የሚፈትነው ይህንን ነው። ቪክቲም ካሹን ከዋናው ጋር እንደ አንድ ካሽ ከቆጠራችሁት ግን መልሱ ይለወጣል። ስለዚህ እንዴት እንደቆጠራችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ፎርሙላውን ብቻ መሸምደድን አልመክርም። መጀመሪያ ስምንቱን ጥያቄዎች ቁጠሩ፤ ፎርሙላው ከቆጠራው ይወጣል።

አሁን ቪክቲም ካሹን አንሱና ፕሪፌች ብቻ አስገቡ። ዓይነቱ ቀላሉ ይሁን፦ ሚስ ሲኖር የተፈለገውን ብሎክ አምጣ፣ ቀጥሎ የሚቀጥለውን ብሎክ ካሽ ውስጥ አስገባ። አሬ በተከታታይ ሲነበብ ይህ የሚያዋጣ ይመስላል። ግን እዩት። የ`a` ቀጣይ ብሎክ ቀድሞ ይገባል። ወዲያው የ`b` ቀጣይ ብሎክ እዚያው ቦታ ላይ መጥቶ ያስወጣዋል። `a[4]` ሲጠየቅ ቦታው ላይ ያለው የ`b` ብሎክ ነው፤ ሚስ። ይህ ሚስ ደግሞ የ`b`ን ብሎክ ያስወጣል፤ `b[4]`ም ሚስ። በመጨረሻ ሚሱ ያው 1024 ነው። ከሜሞሪ የመጣው ብሎክ ግን 2048 ሆኗል። ምንም ሳይጠቅም ትራፊኩን እጥፍ አደረገው።

ስትሪም በፈር ይህን በከፊል ያድናል፤ ቀድሞ የመጣው ብሎክ ካሹ ውስጥ ሳይሆን ጎኑ ባለ በፈር ውስጥ ስለሚጠብቅ አይባረርም። ለ`a` አንድ፣ ለ`b` አንድ በፈር ካለን፣ አዲስ ብሎክ የሚጀምሩት ሁለቱ ጥያቄዎች ከበፈር ይመጣሉ። ከበፈር ማምጣት 1 ሳይክል ቢያስከፍልና ብሎኩ በሰዓቱ ቢደርስ፣ አማካዩ 1 + 0.25 + 37.5 = 38.75 ነው። ስድስቱ ኮንፍሊክት እንዳሉ ናቸው፤ ከቪክቲም ካሹ ተቃራኒውን ግማሽ ፈታ። ሁለቱን አንድ ላይ ስታደርጉ ስድስቱ ከቪክቲም ካሽ፣ ሁለቱ ከስትሪም በፈር ይመጣሉ። አማካዩ ወደ 2 ሳይክል ይወርዳል።

እዚህ ላይ አስተማሪዎች የሚወዱት ጥያቄ ይመጣል፦ በእርግጥ በሰዓቱ ይደርሳል? በ2 ሳይክል ሂሳብ ስምንት ጥያቄ 16 ሳይክል ይፈጃል። ሜሞሪ ግን 50 ይፈልጋል። አንድ ብሎክ ብቻ ቀድመን ከጠራን፣ ሲፈለግ ገና መንገድ ላይ ነው፤ 34 ሳይክል ቆመን እንጠብቃለን። ሦስት ብሎክ መቅደም 48 ሳይክል ይሰጣል፤ ለጥቂት ያንሳል። አራት ብንቀድም 64 ነው፤ ይበቃል። የበፈሩ ጥልቀት ቢያንስ አራት መሆን ያለበት ለዚህ ነው። የመጣበት የሜሞሪ ትራፊክም ይቆጠራል፦ በየ16 ሳይክሉ 64 ባይት፣ ማለትም በሳይክል 4 ባይት። ጥያቄው የሚሰጣችሁ ባስ ከዚህ ካነሰ፣ ምንም ያህል ብትቀድሙ ወደ 2 አትደርሱም።

ፕሪፌችን በቁጥር ገምግሙ ሲባል ሁለት ነገር ለዩ። ሽፋን ማለት ከመጀመሪያዎቹ ሚሶች ስንቱ ጠፋ ነው። ትክክለኛነት ማለት ከተጠሩት ብሎኮች ስንቱ ጠቀመ ነው። 1000 ሚስ ነበረ፣ 800 ብሎክ ተጠራ፣ 600 ጠቀመ ከተባለ ሽፋኑ 60%፣ ትክክለኛነቱ 75% ነው። ከዚያ ፕሪፌቹ ያባረራቸው ጠቃሚ ብሎኮች 50 አዲስ ሚስ ካመጡ፣ የቀረው ሚስ 450 ነው። ትራፊኩ 800 እና 450 ሲደመር 1250 ይሆናል፤ ከበፊቱ 25% ይበልጣል። ብዙ ሰው እነዚያን 50 ይረሳል፤ ነጥቡ የሚሄደው እዚያ ነው።

ለመሥሪያ የምወደው መሣሪያ ተራ ወረቀት ነው። አራት ዓምድ አሰምራለሁ፦ ጥያቄው፣ ቦታው ላይ አሁን ያለው ብሎክ፣ ቪክቲም ካሽ ውስጥ ያለው፣ በፈር ውስጥ ያለው። ሲሙሌተር መልሱን ይነግራችኋል፤ ምክንያቱን የሚያሳያችሁ ግን ሠንጠረዡ ነው። ሠንጠረዡን ሳልሞላ ወደ ስሌት አልገባም። ሶፍትዌር ፕሪፌችን ግን ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ በእኛ ፈተና ብዙም አይመጣም። የእናንተ ኮርስ ከያዘው በእኔ ምክር አትዝለሉት።

ለልምምድ አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ፤ ከሁሉም የወደድኩት ነው። `b`ን አንድ ብሎክ ወደፊት ግፉት፣ `0x11020` ላይ ይጀምር። አሁን `a` እና `b` ጎረቤት ቦታ ላይ ናቸው፤ አይጋፉም። ሚሱ ያለምንም እገዛ ወደ 256 ወርዷል፣ ሁሉም ኮምፐልሰሪ። ቪክቲም ካሽ ብቻውን ሲገባ አንድም ሂት አያገኝም፤ ተገፍቶ የሚወጣው ብሎክ ሥራውን የጨረሰ ነውና። ካሽ ውስጥ የሚያስገባው ቀላሉ ፕሪፌች ብቻውንም አይረዳም። የ`a` ቀጣይ ብሎክ የሚቀመጠው የ`b` ብሎክ ሊገባበት ያለው ቦታ ላይ ነው፤ ገና ሳይነካ ይባረራል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጉ። የተባረረው ያልተነካ ብሎክ ቪክቲም ካሽ ውስጥ ይጠብቃል፣ `a[4]` እዚያ ያገኘዋል። `b[4]` ደግሞ ዋናው ካሽ ውስጥ ያለ ችግር ይገኛል። ከሜሞሪ የሚጠበቀው ሚስ ከ256 ወደ 128 ገደማ ይወርዳል።