ከፋሲካ በኋላ የመጣው አምስት ኪሎ

አዳማ ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም ነርስ ነኝ። የምሠራው የግፊት፣ የስኳርና የልብ ታካሚዎች በየወሩ በሚመላለሱበት የክትትል ክፍል ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት እኛ ጋ ሁሌም ወረፋ ይበዛዋል። በሕማማት ቀጠሮውን ያሳለፈው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል።

አርብ ጠዋት አንዲት እናት መጡ። ስድሳ ዓመት ይጠጋቸዋል። ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ደም ግፊት ልባቸውን አድክሞታል። ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንዱ ላሲክስ ነው፤ ታካሚዎቻችን «የሚያሸናው ኪኒን» የሚሉት።

«እንኳን አደረሰዎት እናቴ» አልኳቸው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን ሲስተር። ወፍሬ አላየሽም? ጎረቤቱ ሁሉ ፋሲካው ተመችቶሻል እያለኝ ነው።»

ፊታቸው እውነትም ሞላ ብሏል። እግራቸውን ሳይ ግን የወንድ ነጠላ ጫማ ነው ያደረጉት። የልጃቸው ነው። የራሳቸው ጫማ ከማክሰኞ ጀምሮ አልገባ ብሏቸዋል። «የአዳማ ሙቀት መቼም ታውቂዋለሽ፣ እግር ያሳብጣል» አሉኝ። ሙቀት እግር ያሳብጣል፣ እውነት ነው። ግን ሚዛን ላይ አምስት ኪሎ አይጨምርም።

መዘንኳቸው። 66 ኪሎ።

የልብ ታካሚዎቻችንን ቤት ሚዛን ከሌላችሁ መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ተመዘኑ እንላቸዋለን። እሳቸው ምክሩን አክብረዋል። ታክሲ ተራው አጠገብ አንድ ልጅ አላቸው፤ ቁጥሩን በወረቀት ይጽፍላቸዋል። ወረቀቱን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። የሕማማት ረቡዕ 61፣ ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ 63 ተኩል። አሁን 66። በዘጠኝ ቀን አምስት ኪሎ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል። አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ 7,700 ካሎሪ ገደማ መግባት አለበት። በዘጠኝ ቀን አምስት ኪሎ ስብ ለመጨመር እኚህ እናት በየቀኑ ከራሳቸው ምግብ ሌላ የሁለት ሰው ምግብ መብላት ነበረባቸው። የትኛውም ዶሮ ወጥ ይህን አያደርግም። በቀናት ውስጥ እንዲህ የሚጨምረው ውሃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። የክፍላችን የጤና ባለሙያ ሲያስረዳቸው ባለ አምስት ሊትሯን ቢጫ ጀሪካን ነው የጠቀሰላቸው። እሷን ሞልተው ቀን ከሌሊት ተሸክመው እየዞሩ ነበር፤ ልባቸው ደግሞ ያንን ሁሉ መግፋት አለበት።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። እንዴት ነው የሚተኙት?

«ትራስ ጨምሬያለሁ፤ ሦስት አድርጌያለሁ። ትናንት ግን ሌሊት አፍኖኝ ተነሳሁና ወንበር ላይ ነጋልኝ።» ይህን ሲሉ እንደ ዋዛ ነበር።

በር ላይ ከባጃጅ ወርደው እኛ ክፍል እስኪደርሱ ሁለት ጊዜ ቆመው ማረፋቸውን ጥበቃው ነው የነገረን። ቁጭ ሲሉ ደህና ይመስላሉ። አውርተው ይስቃሉ። ጣታቸው ላይ መለኪያውን ስናደርግ ግን ኦክስጅናቸው ከመቶ 88 ብቻ ነው። ግፊታቸው 160 በ100። ቅልጥማቸውን በአውራ ጣት ተጭኜ ስለቅ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። የጤና ባለሙያው ጀርባቸውን ሲያዳምጥ ከሳንባቸው ሥር በኩል የሚንጨረጨር ድምፅ ሰማ። ውሃው ሳንባ ደርሷል።

«ምን አዲስ ነገር ወሰዱ?» ብሎ ጠየቃቸው። ምክንያቱ የተገኘው እዚህ ላይ ነው።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። ሰገዱ። ሽንት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ላሲክሱን የዚያን ዕለት ተዉት። በማግስቱ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። መድኃኒት ቤት ሄደው ጉልበቴን አሉ፤ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ተሰጣቸው። ልብ እንደሚያማቸው አልተናገሩም፣ የጠየቃቸውም የለም። ኪኒኑ ስለተስማማቸው በቀን ሁለት ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ወሰዱ። ከዚያ በዓሉ መጣ፣ እንግዳ በዛ። በእንግዳ መሀል አሥር ጊዜ እየተነሱ ሽንት ቤት መመላለስ ስለከበዳቸው ላሲክሱ እስከ ሰኞ ሳይዋጥ ቀረ። ማክሰኞ ቢጀምሩትም «እንደ በፊቱ አላሸናኝም» አሉ።

ያላሸናቸው በምክንያት ነው። የደከመ ልብ ደም በደንብ ሳይገፋ ሲቀር ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ኩላሊት ደግሞ ሰውነቱ ውሃ የጠማው ይመስለዋል። ስለዚህ ጨውና ውሃ ይይዛል። ላሲክስ ያንን ጨው በግድ ያስወጣል፤ ውሃው ጨዉን ተከትሎ ይወጣል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ፣ ጨው ያስይዛሉ፣ የላሲክስንም ጉልበት ይሰብራሉ። በዚያ ላይ ውሃ ሲበዛ አንጀትም ያብጣል። ያበጠ አንጀት የተዋጠን ኪኒን በወጉ አይቀበልም። ኪኒኑ ሆዳቸው ገብቷል፤ ሥራው ቦታ ግን አልደረሰም።

ሪፈር ተጽፎላቸው አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባቸው ስንነግራቸው ተቆጡ።

«ልጄ፣ እሁድ ዳግማ ትንሣኤ ነው። እንግዳ ጠርቻለሁ። ሰኞ ጠዋት እዚሁ ታገኙኛላችሁ።»

የጤና ባለሙያው ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። አልተቆጣም። «እናቴ፣ ትናንት ሌሊት ወንበር ላይ ነው ያደሩት። ሲተኙ እግርዎ ላይ ያለው ውሃ ወደ ደም ይመለሳል። ልብዎ ሊገፋው ስለማይችል ሳንባ ላይ ይፈሳል። ዛሬ ማታ ወንበሩም ላያድንዎት ይችላል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ባጃጅ ከየት ይመጣል?»

ዝም አሉ። ለሴት ልጃቸው ደወልንላት። እስክትደርስ ቀና አድርገን አስቀመጥናቸው፣ እግራቸውን ወደ ታች ለቀቅን፣ ኦክስጅን ሰጠናቸው። 40 ሚሊግራም ላሲክስ በደም ሥር ተሰጣቸው፤ በዚህ መንገድ አንጀትን አልፎ በቀጥታ ይሠራል። ከዚያ በአምቡላንስ ሄዱ።

ሆስፒታል ሳምንት ያህል ቆዩ። የኩላሊት ምርመራቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ ዳይክሎፌናኩ ሲቆም ወረደ። ሲወጡ 60 ተኩል መዘኑ። ያበጠ ነገር ሳይኖር፣ ትንፋሽ ሳያጥር፣ አንድ ትራስ ላይ ተኝተው። የእሳቸው እውነተኛ ክብደት ይህ ነው።

እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ የማክሰኞው 63 ተኩል ነው። ያን ዕለት ትንፋሻቸው ገና ደህና ነበር። ያን ዕለት ቢመጡ ዳይክሎፌናኩን አስቁሞ፣ የላሲክሱን መጠን ለጥቂት ቀን ከፍ አድርጎ፣ በሁለተኛው ቀን መልሶ ማየት ሊበቃ ይችል ነበር። ሚዛኑ ከትንፋሹ ቀድሞ ተናግሯል። እግር ላይ እብጠት በዓይን እስኪታይ ድረስ ሰውነት ብዙ ሊትር ሊይዝ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ነበር፤ የትኛው ቁጥር አደጋ እንደሆነ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም።

አሁን በእያንዳንዱ የልብ ድካም ታካሚ ካርድ ላይ ሁለት ነገር በትልቁ እንጽፋለን። የራሱን ትርፍ ውሃ የሌለበት ክብደት፣ ከሥሩም «በአንድ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ወይም በሦስት ቀን ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመረ በዚያው ዕለት ይምጡ»። ላሲክሱን በራሳቸው እንዲጨምሩ አንነግራቸውም፤ ሐኪማቸው አስቀድሞ እንዴት እንደሚጨምሩ ካልጻፈላቸው በስተቀር። መንገድ ወይም በዓል ካለ ደግሞ መተው ሳይሆን ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁን። የጠዋቱን ላሲክስ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከሰዓት መዋጥ ከመዝለል እጅግ ይሻላል።

አመዛዘኑም ወግ አለው። ጠዋት፣ ሽንት ከወጣ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ተመሳሳይ ቀለል ያለ ልብስ ለብሶ፣ ያለ ጫማ። ቤት ሚዛን ያለው በየቀኑ ይመዘን። የመንገድ ልጅ ዘንድ የሚሄድ ሁሌ ወደዚያው ልጅ ይሂድ፣ ሚዛኑም ድንጋይ ወይም አፈር ላይ ሳይሆን ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ። ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ቢያሳስት ግድ የለም፣ ሁሌ በዚያው ልክ ካሳሳተ። የምንፈልገው ልዩነቱን ነው።

ሚዛን የማያሳየውም አለ። ምግብ አልበላ ያለው የቆየ ታካሚ ሥጋው እየከሳ ውሃው ሲተካው ቁጥሩ ባለበት ሊቆም ይችላል። ተኝቶ ትንፋሽ ያጠረው፣ ሌሊት አፍኖት የተነሳ ወይም ደረቱን ያመመው ሰው ቁጥር አይጠብቅም፣ በቀጥታ ይሂድ።

የኩላሊት ታካሚም በዚሁ ይጠንቀቅ። እሱ ዘንድ እብጠቱ ብዙ ጊዜ ጠዋት ዓይን ሥር ይጀምራል። ክብደቱ እየጨመረ ሽንቱ ከቀነሰ ፖታሲየም ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም፣ የደም ምርመራ ይፈልጋል። የጉበት ታካሚ ላይ ውሃው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቀበቶው አልደርስ ይላል። ሆዱ እየነፋ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም ንግግር መዘባረቅ ከመጣ ውሃው ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል ነገ አይባልም። ለሁለቱም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጠላት ናቸው።

እኚያ እናት ዛሬም ይመጣሉ። ለጉልበታቸው ሐኪማቸው በመጠኑ ፓራሲታሞል ፈቅዶላቸዋል። መድኃኒት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያወጡት ካርዳቸውን ነው፤ «የልብ ታማሚ ነኝ፣ ላሲክስ እወስዳለሁ» ብለው ነው ስለ ጉልበታቸው የሚያወሩት። ለታክሲ ተራው ልጅም ቁጥራቸውን ነግረውታል። ከ62 ተኩል ካለፈ ሂሳብ ሳይቀበል ወደ እኛ እንዲሰዳቸው ተስማምተዋል።